ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ ኳስ

አዲስ አበባ ውስጥ ጌም ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በደጁ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶታል። ጠበብ ያለች ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ ከሥራቸው ፕሌይስቴሽን፣ ፊት ለፊታቸው አግዳሚ ወንበር፣ ከወንበሩ ኋላ ደግሞ ተራ እየጠበቁ ምክር የሚሰጡ ልጆች። ሒሳቡ የሚታሰበው በጨዋታ ነው፤ ብዙ ቦታ የሚከፍለው የተሸነፈው ነው። ከሁሉ በላይ የሚጫወቱት እግር ኳስ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በፊፋ ስም ሲወጣ ከርሞ በ2023 ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል፤ ጌም ቤት ውስጥ ግን ዛሬም «ፊፋ» ነው።

አንድ ለአንድ ሲጫወቱ ያየ ሰው ጨዋታው የጣት ፍጥነት ብቻ ሊመስለው ይችላል። ሁለት ለሁለት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሁለት ጎበዞች አንድ ቡድን ላይ ተቀምጠው፣ ለብቻቸው ቢገጥሟቸው በቀላሉ በሚያሸንፏቸው ሁለት ሰዎች ሲረቱ ማየት የተለመደ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ለማሳየት ሁለት ልጆች ፈጥሬያለሁ፤ ናሆምና ይመር እላቸዋለሁ። ሰዎቹ የፈጠራ ናቸው፤ አሸናነፋቸውና አሸናፊያቸው ግን በየጌም ቤቱ በየቀኑ የሚታይ ነው።

ናሆም አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አራት ኪሎ አካባቢ አድጎ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የማይጠፋበት አንድ ጌም ቤት አለው። ይመር የእናቱ ወንድም ልጅ ነው፤ በአንድ ዓመት ያንሰዋል። ያደገው ደሴ ነው፤ ክረምቱን እንዲያሳልፍ አክስቱ ዘንድ መጥቷል። በልጅነታቸው በአንድ ሰርግ ተያይተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሚተዋወቁት በስልክ ሰላምታ ነው። ይመር ከተማውን እንዲያይ ከናሆም ጋር ተላከ፤ ናሆም ደግሞ የሚያውቀውን ከተማ፣ ማለትም ጌም ቤቱን አሳየው።

የመጀመሪያው ጠብ የተነሳው ጨዋታው ሳይጀመር ነው። አንዱ የአርሰናል ነው፣ ሌላው የማንቸስተር ዩናይትድ። በስንት ክርክር ማንም በማይደግፈው ባርሴሎና ተስማሙ። መጀመሪያ እርስ በርስ ሞከሩ፤ አንድ አንድ ወጡ። ይመር ደሴ ላይ እጁን እንዳፈታ ናሆም ገባው። «እንዲህ ከሆንክማ ማን ይችለናል!» አለና ከጎረቤት ጋራዥ የሚሠሩ ሁለት ጓደኛሞችን ሁለት ለሁለት ጠራ። ጋራዦቹ በዕድሜ ይበልጧቸዋል፤ ጣታቸው ዘገምተኛ ነው፤ ሲጫወቱም ብዙ አያወሩም።

ጋራዦቹ ሦስት ለዜሮ አሸነፉ። ሒሳቡን ልጆቹ ከፈሉ።

ሁለተኛው ጎል እንዴት እንደገባ ቀረብ ብለን እንየው፤ የልጆቹ ችግር በሙሉ እዚያ ውስጥ አለ። የጋራዦቹ የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ኳሷን ይዞ በመስመሩ ወረደ። ናሆም የግራ ተመላላሹን ይዞ ወደሱ ሮጠ። ይመርም አደጋው ታይቶት በእጁ የነበረውን የመሐል ተከላካይ ይዞ ወደዚያው ሮጠ። በዚህ ላይ ሁለቱም አር ዋንን ጨብጠው ነበር። አር ዋን ማለት በጆይስቲኩ የቀኝ ትከሻ ላይ ያለችው ቁልፍ ናት፤ ስትጫን ማሽኑ ራሱ ከሚያንቀሳቅሳቸው ተጫዋቾች አንዱን ኳስ በያዘው ባላጋራ ላይ ይልክልሃል። አማካዩም መጣ። አሁን አንድ ባላጋራ ላይ ሦስት ሰው አለ፤ የፍጹም ቅጣት ክልሉ መሐል ባዶ ነው። ጋራዥ አንድ ጊዜ አሻማ፤ አጥቂው ማንም ሳይነካው በጭንቅላቱ አገባት።

ከጎሉ በኋላ ስክሪኑ ቅጂውን ሲያሳይ ናሆም ወደ ይመር ዞረ። «እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«አንተስ ምን ትሠራለህ? እኔ እኮ ልረዳህ ነው የመጣሁት!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዱ ያደረገው ብቻውን ቢጫወት ትክክል የሚሆነውን ነው። ፊፋን አንድ ለአንድ የሚጫወት ሰው ዓይኑ ከኳሷ አይለይም፤ ኳሷ ባለችበት ሁልጊዜ እሱ አለ። በመከላከል ጊዜ ኤል ዋንን በተጫነ ቁጥር ማሽኑ ለኳሷ የቀረበውን ተጫዋች ይሰጠዋል፤ የቀሩት አሥሩ ቦታቸውን እንዲጠብቁ ለማሽኑ ትቷቸዋል። ለዓመታት እንዲህ የለመዱ ሁለት ሰዎች አንድ ቡድን ሲይዙ ሁለቱም የኳሷ ሰው ናቸው። ከኳሷ ርቆ ቦታ የሚጠብቅ ሰው መሆንን ጣታቸው አልተማረም።

በማጥቃትም ጊዜ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል፤ ይኼኛው ግን በዓይን ቶሎ አይያዝም። ጓደኛህ ኳስ ሲይዝ አንተ የያዝከው ተጫዋች በአንተ እጅ ነው፤ ከጭንቅላቱ በላይ ያለው ባለቀለም ምልክት ያንተ መሆኑን ያሳያል። ጓደኛህ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ጣትህን ካሳረፍክ ያ ተጫዋች ይቆማል። ማሽኑ ቢይዘው ኖሮ ክፍተት ፈልጎ ይሮጥ ነበር፤ አንተ ስለያዝከው ግን ቆሞ ያያል። ይመር ናሆም ሲያታልል በአድናቆት እያየ ቡድኑን አሥር ሰው አድርጎት ነበር። ናሆምም በተራው እንዲሁ አደረገ።

ሰው ሲደመር ጉልበቱ እንደማይደመር የታወቀው ጌም ከመፈጠሩ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ ሰዎችን ገመድ እያስጎተተ ጉልበታቸውን ለካ፤ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሲጎትት የሚያወጣው ጉልበት መቶ ቢባል፣ ሁለት ሲሆኑ የእያንዳንዱ ድርሻ ወደ 93 ይወርዳል፤ ስምንት ሲሆኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። ኋላ ላይ ኢቫን ስታይነር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1972 ባሳተመው መጽሐፉ ኪሳራውን ለሁለት ከፈለው፦ አንዱ ሰዎች ሌላው ይጎትታል ብለው ሲለግሙ የሚመጣ ነው፤ ሌላው ሁሉም ከልቡ እየጎተተ ጊዜውና አቅጣጫው ባለመግጠሙ የሚባክነው ነው። በ1974 ደግሞ አላን ኢንግሃምና ባልደረቦቹ ዓይናቸው የተሸፈነ ሰዎችን ከኋላቸው ሌሎች አብረው የሚጎትቱ እንዲመስላቸው አደረጉ። ከኋላ የቆሙት ግን የሚጎትቱት በውሸት ነበር። ሰዎቹ እንደዚያም ሆኖ ጉልበታቸውን ቀነሱ፤ ልግመቱ በውነት ያለ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

የናሆምና የይመር ኪሳራ ግን ከልግመት የመጣ አይደለም። የተሸነፈ በሚከፍልበት ቤት ማን ይለግማል? ሁለቱም ከሚገባው በላይ ነው የሠሩት። የእነሱ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ላይ ይወድቃሉ፣ ሌላው ሥራ ባለቤት ያጣል። እንዲህ ላለው ችግር «በርታ» ማለት ያባብሰዋል፤ የበረታ ሰው ይበልጥ ወደ ኳሷ ይሮጣልና።

የጌም ቤቱ ባለቤት ከጠረጴዛው ኋላ ሆኖ ሲያያቸው ቆይቷል። ብዙ የማያወራ ሰው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሌላው ሲጫወት ስለሚያይ ግን ከተጫዋቾቹ ይልቅ ጨዋታውን ያውቃል። «እናንተ ልጆች በአራት እጅ አንድ ተጫዋች ነው የምትነዱት» አላቸው። «ቁጭ በሉና የሚቀጥለውን ጨዋታ እዩ። ጎሉን ተዉት፤ ጋራዦቹ ኳስ ሲነጠቁ ማን እንደሚወጣና ማን እንደሚቀር ብቻ እዩ።»

ተቀመጡ። ሲያዩ፣ ከጋራዦቹ አንዱ በወጣ ቁጥር ሌላው የመሐል ተከላካዩን ይዞ ቀረ። የሚወጣው ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው አልነበረም፤ አንዳንዴ ይኼኛው፣ አንዳንዴ ያኛው ይወጣል። ሁለቱ አንድ ላይ የወጡበት ጊዜ ግን አልታየም። ይመር ጆሮውን ሲጥል ዝምተኛ የመሰሉት ሰዎች ለካ ያወራሉ። ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ የሚወጣው ሰው በለሆሳስ «ወጣሁ» ይላል። በተቃራኒው በኩል ያሉት ሁለት ልጆች ደግሞ ያለ ፋታ ይጮኻሉ፦ «ያዘው! ያዘው! ልቀቅ! ምን ሆነሃል!» ያን ሁሉ ጩኸት ሰምቶ ማን የት መሄድ እንዳለበት የሚያውቅ የለም።

የቃሉ ማጠር ምክንያት አለው። እነዚህ ሰዎች አንዱን አጋማሽ ስድስት ደቂቃ አድርገው ነው የሚጫወቱት። አርባ አምስቱ ደቂቃ በስድስት ሲጠቀለል፣ ወንበሩ ላይ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ሜዳው ላይ ሰባት ሰከንድ ተኩል ነው። «ናሆም፣ አንተ ያንን ሰውዬ ያዘው፣ እኔ እዚህ እቆያለሁ» ብሎ ለመጨረስ ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ ሦስት ሰከንድ ደግሞ ለአንድ ፈጣን አጥቂ ብዙ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ከጨዋታው በፊት ማለቅ አለበት፤ ጨዋታው ውስጥ የሚቀረው ምልክቱ ብቻ ነው።

ልጆቹ ተራቸው እስኪደርስ ሦስት ነገር ተስማሙ። በመጀመሪያ፣ ወደ ኳሷ የሚሄደው የቀረበው ሰው ነው፤ ሲሄድም «ወጣሁ» ይላል። ይህን ቃል የሰማ ሌላው ምንም ቢያጓጓው የመሐል ተከላካዩን አይለቅም፤ ሥራው ኳሷ ልትተላለፍበት የምትችለውን መንገድ መዝጋት ነው። ሁለተኛ፣ አር ዋን የአንድ ሰው ብቻ ትሁን ተባለ። ለይመር ተሰጠች፤ ናሆም ይህን ያለ ክርክር የተቀበለው እንዳይመስላችሁ።

ሦስተኛው የማሽኑ ቅንብር ነው፤ ብዙ ሰው የማያውቀውም እሱን ነው። ጨዋታው ሲከፈት ባላጋራ ኳስ ባቀበለ ቁጥር ማሽኑ በራሱ ወደ ቀረበው ተጫዋች ሊያሸጋግርህ ይችላል። ለብቻው ለሚጫወት ሰው ይህ ይጠቅማል። ለሁለት ሲጫወቱ ግን የመሐል ተከላካዩን ይዤ እቀራለሁ ያለው ሰው ሳያስበው ሌላ ተጫዋች እጁ ላይ ያገኛል፤ የተማመኑበት ቦታ ተከፈተ ማለት ነው። ቅንብሩ ውስጥ የተጫዋች ቅያሬውን «በእጅ» ማድረግ ይቻላል። ያን ጊዜ ኤል ዋንን እስካልነካህ ወይም የቀኙን ዱላ ወደምትፈልገው ተጫዋች እስካልገፋህ ድረስ በያዝከው ላይ ትቆያለህ። መጀመሪያ ላይ እጅን ያስራል፤ ናሆም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቅያሬው ረፍዶበት ሁለት ጊዜ ተሰድቧል።

ተራቸው ደረሰ፤ ከጋራዦቹ ጋር እንደገና ገጠሙ። የመጀመሪያው አጋማሽ ዜሮ ለዜሮ አለቀ፤ አሰልቺ ነበር፤ ከኋላ የቆሙት ልጆች ወደ ሌላው ቴሌቪዥን ዞሩ። በ68ኛው ደቂቃ ላይ ያኛው የቀኝ ክንፍ በዚያው መስመር ወረደ። «ወጣሁ» አለ ናሆም፤ የግራ ተመላላሹን ይዞ ሄደ፤ ግን አልተወረወረበትም። ኤል ቱን ጨብጦ ፊቱን ወደ ባላጋራው አድርጎ ወደ ኋላ እየሸሸ አዘገየው። ይመር የመሐል ተከላካዩን ይዞ ቀረ። እጁ እንደሚበላው ያስታውቅ ነበር፤ አውራ ጣቱ ዱላው ላይ ይንቀጠቀጣል። ጋራዥ ማሻሚያ አጣና ወደ መሐል በመሬት አቀበለ፤ ኳሷ በቀጥታ ይመር እግር ላይ አረፈች።

እዚህ ላይ ናሆም የድሮ ልማዱን ቢከተል ኖሮ ኳሷን ለመቀበል ወደ ይመር ይመጣ ነበር። እሱ ግን የያዘውን ተመላላሽ ይዞ በግራ መስመር ወደፊት በረረ። የጋራዦቹ ቀኝ ተከላካይ ተከትሎት ሄደ፤ በመሐል በር ተከፈተ። ይመር ኳሷን በተከፈተው ቦታ ለአማካዩ፣ አማካዩ ደግሞ ለአጥቂው አደረሳት፤ ይመር ክቧን ቁልፍ ጫናት፤ አንድ ለዜሮ። ጎሉ በስክሪኑ የተመዘገበው በአጥቂው ስም ነው። ኳሷን የነጠቀው ይመር ነው፤ በሩን የከፈተው ኳስ ያልነካው ናሆም ነው። ቅጂውን ሲያዩ ግን ናሆም ከስክሪኑ ጥግ ብቻ ነው የሚታየው።

ጨዋታው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በ86ኛው ደቂቃ አንድ የተጨረፈች ኳስ ወደ ላይ ተነስታ ወረደች፤ ሁለቱም ለኳሷ እኩል ቀርበዋል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ወጡ። የመሐል ተከላካዩ ቦታ ባዶ ቀረ፤ ጋራዦቹ አንድ አንድ አደረጉ። ፔናልቲ ላይ ናሆም ሁለተኛዋን በአግዳሚው ላይ ሰደዳት። ተሸነፉ፤ ዳግመኛ ከፈሉ።

ወደ ቤት ሲሄዱ እንደ መጀመሪያው ተጨቃጨቁ፤ የጭቅጭቁ ይዘት ግን ተለውጦ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ «ምን ሆነሃል» ነበር የሚባባሉት፤ አሁን ይመር «‹ወጣሁ› አላልክም» አለ፣ ናሆም ደግሞ «እኩል ስንሆን ማን እንደሚወጣ አልተነጋገርንም እኮ» ብሎ መለሰ። የመጀመሪያው ዓይነት ወቀሳ ሰውየውን ይነካል፤ መፍትሔም የለውም። ሁለተኛው የስምምነቱን ቀዳዳ ያሳያል፤ ሊደፈን ይችላል። እነሱም ደፈኑት፤ እኩል ሲሆኑ የሚወጣው ናሆም እንዲሆን ተስማሙ። አክስቱ እራት ስታቀርብ «ዛሬ ምን አየህ፣ ይመርዬ?» ብትለው «ምንም አላየሁም፣ ጋራዥ ብቻ» አላት።

ልጆቹ በዚህ ያገኙት ነገር ከጌም ቤት ውጭ ይሠራል ወይ? በዚህ ላይ የሚጠቀስ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚገኘው የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 352 ሰዎችን በ80 ቡድን ከፈሉ፤ በአንድ ቡድን ውስጥ ቀድሞ የሚተዋወቁ ሰዎች አልነበሩም። ሁሉም ቡድኖች መጀመሪያ በፍንጭ እየተመሩ የተደበቁ ቦታዎችን ፈለጉ። ከዚያ አንዳንዶቹ ቡድኖች ለ45 ደቂቃ አብረው የቪዲዮ ጌም ተጫወቱ፤ ሌሎቹ በፍለጋው እንዴት እንደሚሻሻሉ ተወያዩ፤ ሌሎቹ ደግሞ ዝም ብለው የየራሳቸውን የቤት ሥራ ሠሩ። ሁለተኛው ዙር ፍለጋ ሲደረግ ጌም የተጫወቱት ውጤታቸው በ20 በመቶ ተሻሻለ። የተወያዩት ቡድኖች ይበልጥ መቀራረባቸውን ተናገሩ፤ ውጤታቸው ግን በዚያ መጠን አልተሻሻለም።

ጥናቱ ከሚለው በላይ ማስባል ልክ አይደለም። መለኪያው የተወሰደው ከጨዋታው በኋላ ወዲያው ነው፤ ተጫዋቾቹ አንድ ወገን ሆነው ነው የተጫወቱት፤ ጊዜውም 45 ደቂቃ ነው። ቀኑን ሙሉ ጌም ቤት ለሚውል ልጅ ማስረጃ አድርጎ ለእናቱ ሊያቀርበው አይችልም። እኔ ግን ጌም ቤቱን ከሌሎች የቡድን ሥራዎች የሚለየው አንድ ጥቅም ይታየኛል። በትምህርት ቤት የቡድን ሥራ ላይ ማን ምን እንዳበላሸ የሚታወቀው ውጤቱ ሲመጣ ነው፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይታወቅም። እዚህ ግን ስህተቱ በሰከንዶች ውስጥ ጎል ሆኖ ይመጣል፤ ቅጂው ወዲያው ይታያል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ ደግሞ እንደገና ይሞከራል።

ጌም ቤት ሄዳችሁ ሁለት ለሁለት የምትጫወቱ ከሆነ ጆይስቲኩን ስትይዙ መጀመሪያ የተጫዋች ቅያሬውን ቅንብር እዩ። ከእናንተ በፊት የተቀመጠው ሰው እንደለመደው ቀይሮት ሊሆን ይችላል፤ ለማስተካከል ደግሞ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፊሽካው ከተነፋ በኋላ ግን ጨዋታውን አቁሞ ቅንብር መነካካት ከባላጋራም ከተራ ጠባቂም ጋር ያጣላል።